«ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆዪልኝ»

በአሽዶድ ሊዶ ባሕር ዳርቻ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይቆማል። ልብሱ፣ ጫማው፣ ፍራፍሬው፣ የወጥ ቤት ዕቃው ከጠዋት ጀምሮ ይዘረጋል። የገበያው ሰው ሲደክመው ወደ ባሕሩ ዞር ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል። እዚያ አካባቢ ለሚሠራ ምግብ ቤት ረቡዕ ከሳምንቱ ሁሉ የከበደ ቀን ነው። አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የጀመረው በ2025 በጋ፣ ከእነዚህ ረቡዖች በአንዱ ነው። ልጅቱን አውቃታለሁ፣ እናቷንም አውቃታለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የምግብ ቤቱንም ስም አልጽፍም። ነገሩ ግን በየቤታችን ያለ ስለሆነ ስሙ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ልጅቱ 21 ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የቱሪዝምና የዝግጅት ሥራ ትማራለች። ዲፕሎማው እንዲሰጣት 144 ሰዓት ሂትናሱት መሥራት አለባት፤ ማለትም ከክፍል ወጥታ በእውነተኛ ሥራ ቦታ የምትለማመድበት ጊዜ። ኮሌጁ፣ ምግብ ቤቱና ልጅቱ አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ለ12 ሳምንት፣ ሰኞና ረቡዕ፣ ከ08:30 እስከ 14:30። ሥራው የድግስና የዝግጅት ትእዛዝ መቀበል፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር፣ ከዝግጅት ኃላፊዋ ጋር አብሮ ማቀድ። ክፍያ የለውም፤ ምክንያቱም የትምህርቱ አካል ነው።

ሁለቱ ሳምንት ጥሩ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ አንድ አስተናጋጅ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ልጅቱ መጥቶ፣ «ነፍሴ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆዪልኝ፣ ሳህን አንሺልኝ» አላት። እሷም «እሺ» አለች። ማን እንቢ ይላል? ሰውየው ደግ ነው፣ ቤቱ በሰው ታፍኗል፣ እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቆም አልለመደችም። ግማሽ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በ17:30 ወጣች። በሚቀጥለው ረቡዕ ማንም አልጠየቃትም፤ ሽርጡ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አራት ረቡዕ እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ማታ ትልቅ ድግስ ነበርና ከ17:00 እስከ 23:00 ኑሪ ተባለች፤ ኖረች። በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ የሥራ አስኪያጁን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እንድታመጣ ተጠየቀች።

ያን ቀን ማታ ነው ለእናቷ የነገረቻት። የእናት የመጀመሪያ ቃል፣ «ታገሺ ልጄ፣ ስድስት ሳምንት ምን አላት፣ አለቃሽን አታስቀይሚ» የሚል ነበር። ይህች እናት ከጎንደር መጥታ ለዓመታት ቢሮና ደረጃ ያጸዳች ሴት ናት። ታሉሹን፣ የደመወዝ ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ የምታነብላት ልጅቱ ነበረች። አንድ ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ሳለች «እማ፣ አርብ የሠራሽው እዚህ ላይ የለም» ብላት ነበር። እናትየው ያን ጊዜም «ተዪው» ብላ ነበር። አሁን ልጅቱ ያንን አነሳችባት። እናትየው ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፣ ግን ደስ ብሏት አልነበረም።

እንግዲህ ጉዳዩን ቀስ ብለን እንየው። ልጅቱ ምን ልትል ትችል ነበር? ለማን? መቼ? ደግሞስ በእርግጥ የተበደለችው ነገር አለ ወይስ የለም?

መጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ

«ስታጅ»፣ «ሂትናሱት»፣ «ሚትላሜድ»፣ «ሚትማሄ» የሚሉት ቃላት በዕብራይስጥ ይደባለቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በወረቀታችሁ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ያለ ክፍያ መሥራት አለባችሁ ማለት አይደለም። የእስራኤል የሥራ ፍርድ ቤቶች አንድ ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ሲጠይቁ የሚያዩት ስሙን ሳይሆን የሚሠራውን ነው። ሰውየው ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር እኩል ትከሻ ሰጥቶ፣ በአለቃ ትእዛዝ፣ ለንግዱ ጥቅም የሚሠራ ከሆነ «ተለማማጅ» የሚለው ስም ብቻውን ደመወዙን አያስቀርበትም። ሌላም ነገር አለ፤ ሠራተኛ የሆነ ሰው እንደ ዝቅተኛ ደመወዝና የተጨማሪ ሰዓት ክፍያ ያሉትን መብቶች በፊርማው እንኳን ሊተዋቸው አይችልም። «ፈርመሻል እኮ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተለማማጅ እንለይ። አንደኛው ድርጅት የቀጠረው፣ «የመጀመሪያውን ወር እየተማርክ ነህ» የሚባል ልጅ ነው። እሱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሠራተኛ ነው፤ ሥልጠናውም የሥራ ሰዓት ነው። አሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ሆዳዓ ላዖቬድ የሚባለውን ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ማለት ነው። ይህ በ2002 የወጣ ሕግ ነው። ከተጻፈው ነገር ሲለወጥም ለውጡ በጽሑፍ መነገር አለበት። የሥራ ሰዓቱ ደግሞ በሳምንት 42 ሰዓት ነው። ከመደበኛው የቀን ሰዓት በላይ ለሚሠራው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 150 በመቶ ይከፈላል። ሻዖት ኖሳፎት የምንለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው እንደ እኛዋ ልጅ ከኮሌጅ የተላከ ነው። ለዲፕሎማ የሚያስፈልግ ልምምድ ያለ ክፍያ መሆኑ የተለመደ ነው፣ በራሱም በደል አይደለም። እሷ ሰዓት ትሰጣለች፤ በልዋጩ ሙያ ታገኛለች። ግን ልዋጩ የተጻፈው ለ144 ሰዓት እና ለዝግጅት ሥራ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳህን ማንሳት በወረቀቱ ውስጥ የለም። ሳህን በማንሳት የምትማረው አዲስ ነገርም የለም፤ ያንን እናቷ ቤት ተምራዋለች።

አንድ ጥያቄ ከልምምድ ወጥቶ ጉልበት ብቻ መሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። «እኔ ዛሬ ባልመጣ ይህን የሚሠራው ሰው ይከፈለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጅ ስለቀረ የመጣ ሥራ የአስተናጋጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ምልክት መደጋገሙ ነው። አንድ ቀን ቤት ሲሞላ እጅ ማበደር ሰውነት ነው፤ እኔም ልጄን «አትርጂ» አልላትም። አራተኛው ረቡዕ ግን እርዳታ መሆኑ ቀርቶ ፕሮግራም ሆኗል። የሥራ አስኪያጁን ልጅ ማምጣት ደግሞ ለምግብ ቤቱም የሚጠቅም አይደለም፤ የሰውየው የግል ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ሐሙስ ማታ የተሠራው ድግስ የተለየ ነው። ልጅቱ እዚያ ምሽት እንግዳ ተቀበለች፣ የጠረጴዛ ዝርዝር ይዛ ቆመች፣ ከኃላፊዋ ጋር ሰዓቱን አስከበረች። ይህ የተላከችበት ሥራ ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ከስምምነቱ ውጭ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል።

ሰዓቱን የበላችው ወረቀት

ኮሌጁ ለልጅቱ የመገኘት መቆጣጠሪያ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። በወረቀቱ ላይ 08:30 እና 14:30 አስቀድመው ታትመዋል፤ እሷ መፈረም ብቻ ነው። አራቱንም ረቡዕ 17:30 ወጥታ 14:30 በሚለው ላይ ፈረመች። ሐሙሱ ጭራሽ ቦታ የለውም። በወረቀቱ መሠረት ልጅቱ አንድ ደቂቃ እንኳን ትርፍ አልሠራችም።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስሕተት ነው፤ ክፋት ስላለበት አይደለም፣ ማንም ልብ ስለማይለው ነው። የወጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። በወረቀቱ ኅዳግ ላይም ቢሆን በብዕር «17:30» ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። ወረቀቱ የማያስኬድ ከሆነ በስልካችሁ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ያዙ፦ ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ምን ሠራሁ፣ ማን ጠየቀኝ። ለራሳችሁ በዋትስአፕ መላክም ይበቃል፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል። ለተቀጠረ ሠራተኛ ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው። አሠሪው መዝገብ ካልያዘ ደግሞ በሳምንት እስከ 15፣ በወር እስከ 60 ለሚደርስ ተጨማሪ ሰዓት የማስረዳት ሸክሙ ወደ እሱ ይዞራል። ቢሆንም የራስን ማስታወሻ የሚያህል ነገር የለም። ክርክር ሲነሳ «ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ» የሚል ሰውና «በእነዚህ አራት ቀናት ይህን ያህል» የሚል ሰው እኩል አይሰሙም።

ልጅቱ ቁጭ ብላ ከአውቶቡስ ካርዷ ጉዞና ከዋትስአፕ መልእክቶቿ ሰዓቱን አወጣችው። አራት ረቡዕ በሦስት ሰዓት 12፣ ሐሙስ ማታ 6፣ ድምሩ 18 ሰዓት ሆነ። 18 ሰዓት ማለት የሦስት ቀን ሂትናሱት ነው። በገንዘብ እናስላው ብንል፣ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 34.32 ሸቅል ነበርና፣ የተጨማሪ ሰዓቱን ጭማሪ ሳንቆጥር 617.76 ሸቅል ይመጣል። ሀብት አይደለም። ግን ለእናትየው ይህ ቁጥር ሲነገራት ፊቷ ተለወጠ። «ይህ እኮ የመብራታችን ነው» አለች።

እንዴት ይባላል?

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ልበል። እኛ ቤት «እሺ» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። «እሺ» እሺ ነው፣ «እሺ» ሰምቻለሁ ነው፣ «እሺ ነገ» ደግሞ ሁላችን የምናውቀው ነው። ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ስለሚከብደን ዝም እንላለን፣ ወይም ዓይናችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ የሚያውቀን ሰው ይገባዋል። በዕብራይስጥ የሚናገር አለቃ ግን ይህን አያነብም። ለእሱ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል፤ «ቤሴደር» ያለ ሰውማ ቃል ገብቷል። ልጅቱ አራት ሳምንት ሙሉ በፊቷ «ደክሞኛል» ስትል ሰውየው ያየው ጎበዝ፣ ሁሌ ፈቃደኛ የሆነች ልጅ ነው። ይህን ስትረዱ ግማሹ ንዴት ይበርዳል።

ሁለተኛው ነገር ሰበብ ነው። ልጅቱ አንድ ጊዜ ለማምለጥ «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብላ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ችግር የለም፣ እኔ አደርስሻለሁ» አላት። ሰበብ ለአለቃ የሚፈታ ችግር ነው፤ ከፈታላችሁ በኋላ ደግሞ እንቢ ማለት ሁለት እጥፍ ይከብዳል። «እናቴ አሟታል» ማለትማ ለክፉ ነው፣ ለእናትም ለራስም። የምትሄዱት ሰዓታችሁ ስላለቀ ነው። ያንን ማለት ነውር የለውም።

በቦታው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሲጠየቁ የሚበቃው አጭር ቃል ነው። ረዘም ካለ ንግግር ይሻላል። «አኒ መሳዬሜት ሃዮም ቤሽታይም ቫኼጺ፣ ከፊ ሸሲካምኑ» ማለት «ዛሬ እንደተስማማነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እጨርሳለሁ» ማለት ነው። ወንድ ከሆነ «መሳዬም» ይላል። ድምፅ ሳይነሳ፣ ፊት ሳይቋጠር የሚባል ነው። «ከፊ ሸሲካምኑ» የሚለው ቃል ሥራውን ይሠራል፤ ሰውየውን አይወቅስም፣ ወደ ወረቀቱ ይመልሰዋል።

መርዳት ከፈለጋችሁም ገደቡን አብራችሁ ተናገሩ። «ዐድ ሻሎሽ አኒ የኾላ፣ ቬአዝ አኒ ዮጼት»፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እችላለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእርግጥ ቦርሳችሁን አንሱ። ልጅቱ አንድ ረቡዕ ይህንን ብላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ቆይታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቃሏ ዋጋ አልነበረውም። ሌላው ጥሩ ጥያቄ «ኤስማሕ ላዓዞር፣ ዜ ዬሓሼቭ ሊ ባሻዖት?» የሚለው ነው፤ በደስታ እረዳለሁ፣ ከሰዓቴ ይቆጠርልኛል? ይህ ጥያቄ እንቢታ አይደለም። ግን ጠያቂው ያለ ዋጋ እየጠየቀ መሆኑን ራሱ እንዲሰማው ያደርጋል። ብዙ አለቃ እዚህ ላይ «አዎ፣ ልክ ነሽ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ያነሳል። ሁለቱም መልስ ነው።

ዋናው ንግግር ግን በግርግር መሃል አይሆንም። ሥራ ሲጀመር፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ለብቻ። ልጅቱ በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ቡናውን ይዞ ከባሕሩ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ሄደች። አምስት ደቂቃ ጠየቀችው። ያለችው ሲጠቃለል ይህ ነው፦ «እዚህ መማሬን ወድጄዋለሁ፣ ከኃላፊዋ ጋር መሥራት እየጠቀመኝ ነው። ባለፉት ሳምንታት ከስምምነቱ ውጭ 18 ሰዓት ሠርቻለሁ፣ ዝርዝሩ ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ በ14:30 እወጣለሁ፣ በዝግጅት ሥራ ላይም እቆያለሁ። ያለፈውን እንዴት እንደምንቆጥረው ከአንተ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። ልጅህን ማምጣት ግን አልችልም።» አለቃውን በስሙ ነው የጠራችው፤ እዚህ አገር ልማዱ ነው። እናትየው ይህን ስትሰማ፣ «አንተ አለችው?» ብላ ደነገጠች። ዕብራይስጥ «አንቱ» የለውም እኮ።

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ እኔም ሳህን አጥቤ ነው እዚህ የደረስኩት» አለ። ይህን መልስ ጠብቁት፣ ሁሌ ይመጣል። ለዚህ መከራከር አያስፈልግም። «ይገባኛል። ቢሆንም እኔ የመጣሁት በዚህ ስምምነት ነው» ብሎ ዝም ማለት ነው። ዝምታ የሚጠቅመው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ከተናገሩ በኋላ። እሱም «አስብበታለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ አጭር መልእክት በዕብራይስጥ ጻፈችለት። «ስለሰጠኸኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። እንደተነጋገርነው ከዛሬ ጀምሮ ሰኞና ረቡዕ እስከ 14:30 እገኛለሁ። የ18ቱ ሰዓት ዝርዝር ከዚህ በታች ነው። መልስህን እጠብቃለሁ።» ማስፈራሪያ የለበትም፣ ስለ ሕግ አንድ ቃል የለበትም። ግን ከዚያ በኋላ ማንም «አልነገርሽኝም» ሊላት አይችልም።

ረቡዕ ሲመጣ እንደገና ሽርጥ ተሰጣት። በ14:30 ሽርጡን አጥፋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና «ለሂትራኦት» ብላ ወጣች። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር ብላኛለች።

ራኬዜቷ ምን አለች?

ሳምንት ሙሉ መልስ ሲጠፋ ልጅቱ ወደ ኮሌጁ አስተባባሪ፣ ወደ ራኬዜት ሄደች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ለአለቃው፣ ከዚያ ለኮሌጁ። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ከጀርባው የተከሰሰ ይመስለውና ይዘጋ ነበር። የወረቀቱ ሦስተኛ ፈራሚ ኮሌጁ ስለሆነ መናገሩ ክስ አይደለም። እናትየው ራሷ ልሂድ ብላ ነበር፤ ልጅቱ ከልክላታለች፣ ልክም ነበረች። 21 ዓመት የሞላው ልጅ እናቱን ይዞ አለቃ ፊት ሲቀርብ እንደ ሕፃን ይታያል። የእናት ሥራ ቤት ውስጥ ነበር፤ ልጅቱ የምትለውን ሦስት ጊዜ አስደግማታለች፣ «ይቅርታ» የሚለው ቃል በበዛ ቁጥር እየቆረጠችው።

ራኬዜቷ ዝርዝሩን አይታ ለሁለት ከፈለችው። የሐሙሱን ስድስት ሰዓት፣ የዝግጅት ሥራ ስለሆነ፣ እንደ አንድ ቀን ሂትናሱት ቆጠረችው። የሳህኑን 12 ሰዓት ግን አልቆጥርም አለች፤ ትምህርት አይደለምና። ልጅቱ መጀመሪያ ተናዳ ነበር። ራኬዜቷ ግን ነገሩን አዙራ አሳየቻት፤ ትምህርት ካልሆነ ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ይከፈላል። ደግሞም ኮሌጁ ለተማሪው የገባው ኢንሹራንስ የሚያያዘው ከስምምነቱ ጋር ስለሆነ፣ ልጅቱ ከሰዓቱ ውጭ ትሪ ተሸክማ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል የሚል ጥያቄ አነሳች። ይህን ለሥራ አስኪያጁ በስልክ የነገረችው ራኬዜቷ ናት። ከሕግ ይልቅ የኢንሹራንሱ ነገር ሰውየውን ያነቃው ይመስለኛል። እናንተም ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ኮሌጁን «ኢንሹራንሱ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለየትኛው ሥራ ይሸፍነኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለእንቢታችሁም ጥሩ ድጋፍ ነው።

ለ12ቱ ሰዓት በሚቀጥለው ወር ታሉሽ ወጣላት፣ 411.84 ሸቅል። የቀረውን ልምምድ እስከ መጨረሻው እዚያው ጨረሰች። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሳምንት ያህል ቀዝቀዝ ብሏት ነበር፤ አይቀርም ይህ። የዝግጅት ኃላፊዋ ግን በኋላ የምስክር ደብዳቤ ጽፋላታለች።

ሁሌ እንዲህ አያልቅም። አንዳንዱ «ካልተመቸሽ ሂጂ» ይላል። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ሌላ ቦታ እንዲፈለግለት ራኬዜቱን መጠየቅ ይችላል፤ የሠራው ሰዓት በእጁ በተመዘገበ መጠን አይጠፋበትም። ተቀጥሮ የተባረረ ወይም ያልተከፈለው ደግሞ ብቻውን አይደለም። ቴቤካ ከ2000 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ነው፤ ቃቭ ላዖቬድም የሠራተኛን ጥያቄ ይቀበላል። ለደመወዝ ጥያቄ የጊዜ ገደቡ ሰባት ዓመት ስለሆነ ዛሬ በንዴት መወሰን ግድ አይደለም። ለዲፕሎማ ሲባል ዝም ብሎ ጨርሶ ከዚያ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ እኔ አልፈርድበትም።

ደግሞ ይህ የምግብ ቤት ልጆች ነገር ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2021 በዚህ አገር ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሚትማሒም፣ በልዩ ሙያ ላይ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ የ26 ሰዓት ተረኝነትን በመቃወም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብተዋል። «ገና ተማሪ ነህ፣ ቻለው» የሚባለው ለሐኪምም ነው።

ልጃችሁ ከ18 በታች ከሆነ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ሕጉ ግልጽ ነው። በበጋ በባሕሩ ዳር አይስክሬም የሚሸጡ፣ ወንበርና ጃንጥላ የሚያድሉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ከ18 በታች የሆነ ልጅ በመደበኛው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም፤ ተጨማሪ ሰዓት ለእሱ ክልክል ነው፣ ቢከፈለውም። 16 ያልሞላው ከ20:00 በኋላ፣ 16 የሞላው ደግሞ ከ22:00 በኋላ አይሠራም፤ በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ለትልልቆቹ የተወሰነ ልዩነት አለ። የሥራውን ሁኔታ የሚገልጸው ጽሑፍ ለእሱ በ30 ቀን ሳይሆን በ7 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ደመወዙ ከአዋቂው ዝቅተኛ ደመወዝ 16 ላልሞላው 70 በመቶ፣ 17 ላልሞላው 75፣ 18 ላልሞላው 83 በመቶ ነው። «የሙከራ ቀን ስለሆነ አይከፈልም» ቢሉት ትክክል አይደለም፤ የሙከራውም ቀን ይከፈላል።

በዚህ ዕድሜ ላለው ልጅ ግን ከላይ ያልኩትን እገለብጠዋለሁ። እዚህ ወላጅ ገብቶ መናገር ይችላል፣ ይገባዋልም። ልጁ ማታ በ23:00 ከባሕር ሲመለስ «ጎበዝ፣ ሠራተኛ ልጅ» ከማለታችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደገባና ማን አቆየህ ብላችሁ ጠይቁት።

የእኛዋ ልጅ አሁን ሥራ ይዛለች፣ በደመወዝ። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ስጠጣ፣ እናትየው የመጨረሻ ታሉሿን አምጥታ ልጅቱ ፊት ዘረጋችው። «እስቲ አርቦቹ አሉ?» አለቻት። ሁለት አርብ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ማን ጋ ሄዳ ምን እንደምትል እዚያው ቡናው ላይ ስንነጋገር አመሸን።